ማይልና ኪሎሜትር የተቀላቀሉበት ጉዞ ሲደመር፦ ልዩነቱ ከየት ይመጣል?

ጥያቄ፦ «ጉዞዬ ስድስት ምዕራፍ ነበረው። በመኪና 148 ኪሎሜትር፣ በኪራይ መኪና 212 ማይል፣ በመርከብ 85 ማይል፣ በባቡር 96.5 ኪሎሜትር፣ በታክሲ 37.4 ማይል፣ በመጨረሻ በአውቶቡስ 263 ኪሎሜትር። መርከቧ በ17 ኖት ፍጥነት 5 ሰዓት ያህል ሄዳለች። እኔ ማይሉን በ1.6 አባዝቼ ስደምር 1,042.54 ኪሎሜትር አገኘሁ። ባልደረባዬ ደግሞ ኪሎሜትሩን በ0.62 እያባዛ ሁሉንም ወደ ማይል ቀየረ፤ እያንዳንዱንም ወደ ሙሉ ቁጥር አጠጋግቶ ደመረ። ድምሩን በ1.6 አባዝቶ ወደ ኪሎሜትር ሲመልሰው 1,038.4 ሆነበት። የማንኛችን ነው ትክክል?»

ምላሽ፦ የሁለታችሁም ትክክል አይደለም። የጉዞው ርዝመት 1,066 ኪሎሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ የእርስዎ ድምር ወደ 24 ኪሎሜትር፣ የባልደረባዎ ወደ 28 ኪሎሜትር ይጎድለዋል። እርስ በርስ ያላችሁ ልዩነት 4 ኪሎሜትር ብቻ በመሆኑ ትኩረታችሁን የሳበው እሱ ነው። ትልቁን ጉድለት ግን ሁለታችሁም እኩል ስለተጋራችሁት ሁለቱን መልሶች በማነጻጸር ሊታይ አይችልም። ያ ጉድለት ያለው በመርከቡ ምዕራፍ ነው።

መርከቧ በ17 ኖት 5 ሰዓት መሄዷን መጻፍዎ ጠቃሚ ነበር፤ ነገሩን የሚፈታው ይህ መረጃ ነው። ኖት ማለት በሰዓት አንድ የባሕር ማይል መሄድ ነው። 17 በ5 ሲባዛ በትክክል 85 ይሆናል። ስለዚህ በመርከቧ የተነገራችሁ 85 የባሕር ማይል እንጂ መንገድ ላይ የምናውቀው የየብስ ማይል አይደለም። የየብስ ማይል ቢሆን ኖሮ መርከቧ በ17 ኖት ለመጨረስ ከአራት ሰዓት ተኩል ያነሰ ጊዜ ይበቃት ነበር። ሁለቱ መለኪያዎች በስም ቢመሳሰሉም በርዝመት ይለያያሉ፤ የየብሱ ማይል 1,609.344 ሜትር ሲሆን የባሕሩ 1,852 ሜትር ነው። የባሕሩ በ15 በመቶ ያህል ይረዝማል።

ይህ ልዩነት በዘፈቀደ የመጣ አይደለም። የባሕር ማይል የተወሰደው ከምድር ቅርጽ ነው። ከምድር ወገብ እስከ ዋልታ ያለው ርቀት 10,000 ኪሎሜትር ያህል ነው፤ ይህ ርቀት 90 ዲግሪ ነው፣ እያንዳንዱ ዲግሪ ደግሞ 60 ደቂቃ ስላለው በአጠቃላይ 5,400 ደቂቃ ይሆናል። 10,000 ኪሎሜትር ለ5,400 ሲካፈል 1.852 ኪሎሜትር ገደማ ይወጣል። መርከበኛ በካርታው ጎን ያለውን የኬክሮስ መስመር እንደ ማስመሪያ ተጠቅሞ ርቀቱን በቀጥታ ማንበብ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። በ1929 በሞናኮ የተካሄደው ዓለም አቀፍ የሃይድሮግራፊ ጉባኤ መጠኑን 1,852 ሜትር ብሎ ወሰነው። በአውሮፕላን በረራ ሥራም የሚሠራበት ይኸው ማይል ነው፤ ስለዚህ ከመርከብ ወይም ከበረራ ዕቅድ የተገኘ «ማይል» ሁሉ ሳይጣራ በየብስ ማይል ሊሰላ አይገባውም። ተጨማሪ ምልክት የሚሆነው ፍጥነቱ ነው፤ ፍጥነት በኖት በተጻፈበት ሰነድ ውስጥ ያለው ርቀት አብዛኛውን ጊዜ በባሕር ማይል ነው።

እንግዲህ 85 የባሕር ማይል በ1.852 ሲባዛ 157.42 ኪሎሜትር ነው። እርስዎ በ1.6 አባዝተው ያገኙት 136 ነበር። ከ24ቱ ኪሎሜትር ጉድለት ውስጥ ከ21 በላይ የሆነው የጠፋው እዚህ አንድ ምዕራፍ ላይ ነው።

ቀሪውን የእርስዎን ጉድለት ያመጣው 1.6 ነው። ብዙ ሰው «አንድ ማይል 1.6 ኪሎሜትር ነው» የሚለውን እንደ ፍቺ ይወስደዋል፤ ግን ይህ የተጠጋጋ ቁጥር ነው። በ1959 አሜሪካ፣ ብሪታንያ፣ ካናዳ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድና ደቡብ አፍሪካ ተስማምተው ያርድን በትክክል 0.9144 ሜትር አደረጉት። አንድ ማይል 1,760 ያርድ ስለሆነ 1,609.344 ሜትር ይመጣል፤ ከነጥብ በኋላ የሚቀጥል ምንም አሃዝ የለውም። ስለዚህ በ1.6 ሲያባዙ በእያንዳንዱ ማይል 9 ሜትር ከትንሽ ሴንቲሜትር ይጥላሉ። በሁለቱ የየብስ ምዕራፎችዎ ይህ 2.33 ኪሎሜትር ይሆናል።

መጠኑ ትንሽ ነው ብሎ ለመተው ይቻል ይሆናል፤ የሚያሳስበኝ ግን አቅጣጫው ነው። ወደ ሙሉ ቁጥር ስናጠጋጋ አንዱ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ስለሚል ምዕራፎቹ ሲበዙ ስሕተቶቹ በከፊል ይጣፋሉ። 1.6 ግን ሁልጊዜ ያሳንሳል፤ ምዕራፍ በጨመረ ቁጥር ጉድለቱም አብሮ ይጨምራል እንጂ የሚያቃናው ነገር አይመጣም። 1.6 መልስን በጭንቅላት ለመፈተሽ ጥሩ ነው። ለመዝገብ የሚገባ ቁጥር ግን በእሱ አይሰላ።

የባልደረባዎ ስሌት ላይ ጠጋ ብዬ ስመለከት መጀመሪያ የጠረጠርኩት ማጠጋጋቱን ነበር፤ ጥፋተኛው ግን እሱ አይደለም። 148 ኪሎሜትር በ0.62 ሲባዛ 91.76 ነው፤ እሱ 92 አለው። 96.5 ኪሎሜትር 59.83 ሆኖ ሳለ 60 ተባለ፤ 263ቱ ደግሞ ከ163.06 ወደ 163፣ የታክሲው 37.4 ማይል ወደ 37 ወረደ። ከፍ ያለውና ዝቅ ያለው ሲደመር ጠቅላላ ጉዳቱ 0.05 ማይል ብቻ ነው። ይህ የዕድል ጉዳይ ነው፤ በሌላ ጉዞ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ሊያዘነብሉ ይችሉ ነበር።

የእሱ እውነተኛ ችግር 0.62 እና 1.6 የማይገጣጠሙ ቁጥሮች መሆናቸው ነው። ወደ ማይል የወሰደው ቁጥርና ወደ ኪሎሜትር የመለሰው ቁጥር አንዱ የሌላው ግልባጭ ቢሆኑ ኖሮ ሲባዙ 1 ይሰጡ ነበር። 0.62 በ1.6 ሲባዛ ግን 0.992 ነው። ይህ ማለት በኪሎሜትር የነበረ ርቀት ወደ ማይል ሄዶ ሲመለስ ከሺህ ስምንት እጁን መንገድ ላይ ይጥላል። በእናንተ ጉዞ ከመጀመሪያውም በኪሎሜትር የተጻፉት ሦስቱ ምዕራፎች 507.5 ኪሎሜትር ናቸው፤ በባልደረባዎ እጅ ሄደው ሲመለሱ 503.44 ሆኑ። ምንም መቀየር ያላስፈለጋቸው ቁጥሮች አራት ኪሎሜትር ከስረው ተመለሱ። በእናንተ መካከል ያለው ልዩነትም ከሞላ ጎደል ይኸው ነው።

ከዚህ የሚከተለው አሠራር እንዲህ ነው። በመጨረሻ የሚፈልጉት መለኪያ የትኛው እንደሆነ አስቀድመው ይወስኑ፤ በዚያ መለኪያ የተጻፈውን ምዕራፍ አይንኩት። የቀሩትን በዓይነታቸው ይለዩና እያንዳንዱን ዓይነት በራሱ መለኪያ ይደምሩ፤ ከዚያ ድምሩን አንድ ጊዜ ብቻ ያባዙ። እያንዳንዱን ማይል ለየብቻ አባዝቶ መደመርና ደምሮ ማባዛት በሒሳብ አንድ ናቸው፤ በእጅ ሲሠራ ግን ሁለተኛው የሚያጠጋጉበትን ቦታ ወደ አንድ ስለሚያወርደው ለስሕተት የሚከፈት በር ይቀንሳል።

በእርስዎ ጉዞ ኪሎሜትሮቹ 148፣ 96.5 እና 263 ናቸው፤ ድምራቸው 507.5 ነው። የየብስ ማይሎቹ 212 እና 37.4 ናቸው፤ ድምራቸው 249.4 ሲሆን በ1.609344 ሲባዛ 401.37 ኪሎሜትር ይሰጣል። የባሕሩ 85 ማይል በ1.852 ተባዝቶ 157.42 ነው። ሦስቱ ሲደመሩ 1,066.29 ኪሎሜትር ይሆናል። ውጤቱን በማይል የሚፈልግ ሰው ካለም በ0.62 ከማባዛት ይልቅ ይህንኑ ድምር ለ1.609344 ማካፈል አለበት፤ 662.6 የየብስ ማይል ገደማ ይመጣል። ማካፈሉን የምመርጠው አንድ ኪሎሜትር በማይል ሲጻፍ 0.621371 እያለ የማያልቅ ቁጥር ስለሆነ የትም ቦታ ብንቆርጠው የተቆረጠ ነው፤ 1.609344 ግን ሙሉ ነው። ወዲያና ወዲህ ሲኬድ በአንድ ቁጥር ብቻ ከሠሩ ባልደረባዎ ላይ የደረሰው ሊደርስብዎ አይችልም።

አሁን ካልኩሌተሩ የሰጠውን 1,066.29 እንዳለ ሪፖርት ላይ አይጻፉት። ከነጥብ በኋላ ያለው 29 ማለት ርቀቱን በአሥር ሜትር ልክ እናውቃለን እንደማለት ነው፤ ይህ ደግሞ እውነት አይደለም። 212 ማይል የተባለው ወደ ቅርብ ሙሉ ቁጥር የተጠጋ ከሆነ እውነተኛው ርቀት ግማሽ ማይል ሊያንስ ወይም ሊበልጥ ይችላል፤ ይህ 0.8 ኪሎሜትር ነው። የ85 የባሕር ማይሉ ግማሽ ማይል 0.93 ኪሎሜትር ነው፤ 148ቱና 263ቱ ደግሞ እያንዳንዳቸው ግማሽ ኪሎሜትር ይይዛሉ። በነጥብ የተጻፉት ሁለቱ ምዕራፎች ከ100 ሜትር ብዙ የማይርቅ ነገር ነው የሚጨምሩት። ሁሉም ወደ አንድ ወገን ቢያጋድሉ ድምሩ በ3 ኪሎሜትር ሊዛነፍ ይችላል። ስለዚህ መጻፍ ያለበት «1,066 ኪሎሜትር» ነው። ማጠጋጋቱ እዚህ፣ በመጨረሻው መስመር፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይደረጋል።

እዚህ ላይ አንድ ሰው «ጥሬ ቁጥሮቹ ራሳቸው 3 ኪሎሜትር የሚያወላውሉ ከሆነ 1.6ን ማረም ምን ይረባል?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። የመኪና ቆጣሪም ቢሆን ፍጹም አይደለም፤ የሚቆጥረው የጎማውን ዙር ስለሆነ ጎማው ያለቀ መኪና ከእውነተኛው ርቀት ትንሽ አብዝቶ ያሳያል። የኪራይ መኪናው ቆጣሪ አንድ በመቶ ቢሳሳት እንኳን በ212 ማይሉ ላይ 3.4 ኪሎሜትር ነው፤ 1.6ን በመጠቀም ከሚጠፋው ይበልጣል። ነገር ግን የቆጣሪውን ስሕተት እኔም ሆንኩ እርስዎ ከወረቀት ላይ ተነሥተን ማስተካከል አንችልም፤ የማባዣውን ግን ጥቂት አሃዝ በመጨመር ብቻ ሙሉ በሙሉ ማጥፋት እንችላለን። ልናጠፋው የምንችለውን ስሕተት ልናጠፋው ከማንችለው ጋር ደርበን የምንተውበት ምክንያት የለም።

ስሌቱን በኤክሴል የሚሠሩት ከሆነ ማባዣውን በእጅ መጻፍ አያስፈልግም። ይህ ቀመር ሙሉውን ይሠራል፦

```
=148+96.5+263+CONVERT(212+37.4,"mi","km")+CONVERT(85,"Nmi","km")
```

`mi` የየብስ ማይል፣ `Nmi` የባሕር ማይል ነው። ቀመሩ ትልቅና ትንሽ ፊደልን ስለሚለይ `Nmi` ሲጻፍ ኤኑ ትልቅ መሆን አለበት። ሆኖም ኤክሴል የትኛው 85 የትኛው ዓይነት ማይል እንደሆነ አያውቅም፤ በ`Nmi` ፈንታ `mi` ቢጽፉለት ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ 1,045.66 ይሰጥዎታል።

ከዚህ የባሰ የሚያስቸግረው ደግሞ ጭራሽ መለኪያ ያልተጻፈበት ቁጥር ነው። በሥራዬ ደጋግሞ ካጋጠመኝ አንዱን ልጥቀስ። በአንድ የጉዞ መዝገብ ላይ የአምዱ ርእስ «ኪሎሜትር» ይላል፤ በሥሩ «130» ተጽፏል፤ መነሻና መድረሻ ሰዓቱ ሲታይ በትክክል ሁለት ሰዓት ነው። ቁጥሩ እውነት ኪሎሜትር ከሆነ መኪናው በሰዓት 65 ኪሎሜትር ሄዷል፤ ማይል ከሆነ ግን 105 ያህል። መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ፈጣን አውራ ጎዳና ነበር፤ የትም አልቆምኩም ብሎ ሹፌሩ ጽፏል። በዚያው መዝገብ ሌሎቹ የአውራ ጎዳና ምዕራፎች በሰዓት ከ95 እስከ 110 ኪሎሜትር ይወጡ ስለነበር ያ 130 ማይል መሆኑን ጠረጠርኩ። ሹፌሩ ሲጠየቅ የመኪናው ቆጣሪ በማይል የሚያሳይ እንደነበር ተናገረ፤ 130ው 209 ኪሎሜትር ሆነ። ሰዓት የተጻፈበት መዝገብ እንዲህ ራሱን ይፈትሻል። እንዲህ ያለ ፍተሻ ግን ጥርጣሬ ይሰጣል እንጂ ማስረጃ አይሆንም፤ መጨናነቅ ወይም ዕረፍት የነበረበት ምዕራፍ ኪሎሜትሩን ማይል ሊያስመስለው ስለሚችል የመጨረሻው ቃል ቆጣሪውን ያነበበው ሰው ነው።

ሁለት ጥንቃቄዎች ይቀራሉ። በብሪታንያ የመንገድ ምልክቶች ላይ ከቁጥር ቀጥሎ የሚታየው ትንሿ `m` ሜትር ሳትሆን ማይል ናት፤ ከፎቶግራፍ ላይ ቁጥር የሚገለብጥ ሰው ይህን ካላወቀ ምዕራፉን ከነጭራሹ ያጠፋዋል። ሁለተኛው አቅጣጫ ማምታታት ነው፤ ኪሎሜትርን በ1.609344 ማባዛት ወይም ማይልን ማካፈል። ይህ በቀላሉ ይያዛል፦ ኪሎሜትር አጭር ስለሆነ ለአንድ ርቀት የኪሎሜትሩ ቁጥር ሁልጊዜ ከማይሉ ይበልጣል፤ 5 ማይል 8 ኪሎሜትር ያህል መሆኑን ያስታወሰ ሰው ደግሞ መጠኑንም ወዲያው ይገምታል። የእርስዎን 212 ብንወስድ አምስተኛው እጅ 42.4 ነው፤ በ8 ሲባዛ 339.2 ይሆናል። የትክክለኛው ስሌት መልስ 341.18 ስለሆነ ነገሩ ሰላም ነው። ከ212 ያነሰ ቁጥር ቢመጣ ግን ገልብጠን አካፍለናል ማለት ነው።

የምመክርዎ ይህ ነው። ስድስቱን ምዕራፎች በሠንጠረዥ ያስቀምጡ፤ አንድ አምድ ለቁጥሩ እንደተነበበ፣ ሁለተኛው ለመለኪያው፣ ሦስተኛው ከየት እንደተነበበ፣ አራተኛው ወደ ኪሎሜትር ለተቀየረው። የመጀመሪያውን አምድ በተቀየረ ቁጥር በጭራሽ አይተኩት፤ አንድ ጊዜ ከተተካ 136 የሚል ቁጥር ከ85 የመጣ መሆኑን ማንም መልሶ ሊያውቅ አይችልም። በመርከቡ ምዕራፍ ፊት ለፊት «የባሕር ማይል፤ 17 ኖት፣ 5 ሰዓት» ብለው ይጻፉ። ከተቻለም ቲኬቱን የሸጣችሁን ድርጅት ጠይቀው ያረጋግጡ፤ ያ 5 ሰዓት «ያህል» የተባለ ግምት በመሆኑ ስሌቱ ጠንካራ ምልክት ቢሆንም የድርጅቱን ቃል አይተካም። ምናልባት 85ቱ በየብስ ማይል የተገለጸ ነበር ቢሏችሁ የሚቀየረው ያ አንድ መስመር ብቻ ነው፤ 157.42 ወደ 136.79 ወርዶ ጠቅላላው 1,046 ኪሎሜትር ይሆናል። እስከዚያ ድረስ በሪፖርቱ ላይ የሚሰፍረው 1,066 ነው።